ባለቤቱ የተቀየረ ክትፎ ቤትና መልስ ያላገኘው ኢሜይል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፍሪላንስ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፤ የምኖረው ገርጂ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ አንድ ክትፎ ቤት አለ፤ በቅርቡ ተሽጦ አዲስ ባለቤት ገብቶበታል። ወንበሩ ተቀይሯል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ሎጎው ግን ያው የድሮው ነው። ላድስላቸው ብዬ ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ባገኘሁት አድራሻ ይህን ኢሜይል ላክሁ፦

«ርዕስ፦ የብራንድዎን ማንነት ወደ ላቀ ደረጃ ያሳድጉ!

ውድ የድርጅቱ ባለቤት፣ እኔ ልምድ ያለኝ ፕሮፌሽናል ግራፊክ ዲዛይነር ስሆን ሎጎ፣ ብሮሸር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ሜኑ፣ ባነርና የሶሻል ሚዲያ ፖስት እሠራለሁ። የድርጅትዎን ሎጎ ተመልክቼ ጊዜ ያለፈበትና ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በተመጣጣኝ ዋጋ ዘመናዊ ሎጎ ልሠራልዎ ዝግጁ ነኝ። ፖርትፎሊዮዬን አያይዣለሁ።»

ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ መልስ የለም። አዲስ ሎጎ በነፃ ሠርቼ ልላክላቸው? ወይስ እንደገና ልጻፍ? ዋጋስ ከመጀመሪያው ይነገራል?

ዲዛይነሯ፣ ከገርጂ

መልስ፦

እህቴ፣ በነፃ ሠርተሽ አትላኪ። እንደገና ጻፊ፤ ዋጋውንም ጻፊው። ግን ከመጻፍሽ በፊት ይህ ሰው ምን እንደገዛ አስቢ።

አንድ ሰው የቆየ ምግብ ቤት ሲገዛ ወንበርና ምድጃ ብቻ አይደለም የሚገዛው። ወንበሩንማ ቀይሮታል፤ አንቺው ነግረሽኛል። ገንዘቡን ያፈሰሰው ስሙ ላይ ነው፤ «ክትፎ እንብላ» ሲባል እግሩ ወደዚያ የሚሄደው ደንበኛ ላይ። የንግድ ሕጉም (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የንግድ መደብርን የሚያየው በዋናነት ከዚህ መልካም ስም አንፃር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ወሬ አለ፦ «ተሸጠ እኮ፣ እንደ ድሮው አይደለም።» ይህን ወሬ ያሰማች ምላስ ሁሉ ደንበኛ ትወስድበታለች። ሥጋውን ከዚያው ልኳንዳ ቢያመጣም፣ ሚጥሚጣውን እነዚያው ሴቶች ቢያዘጋጁትም፣ ታፔላው ከተቀየረ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ኢሜይልሽን በእሱ ዓይን አንብቢው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ነገር «ጊዜ ያለፈበት» ብለሽዋል፤ በምትኩ «ዘመናዊ» ልትሰጪው ነው። ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚነካ አልነገርሽውም። ያንን ሎጎ ማን እንደሠራውም አታውቂም፤ የሻጩ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የገዢው ሚስት ወንድም ሊሆን ይችላል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አልመልስም ነበር።

ስለዚህ የምትሸጪው እድሳት እንጂ አዲስ ሎጎ አይደለም። እድሳት ማለት ስሙ፣ ቀለሙና ዋናው ሥዕል ባሉበት ሆነው የሚያስቸግረው ብቻ ይታረማል ማለት ነው። ደንበኛው ልዩነቱን ለይቶ ሳያውቀው ምልክቱ ጥርት ብሎ ከታየው ሥራው ተሳክቷል። ይህን ለማቅረብ ግን የሚያስቸግረውን ነገር በዓይንሽ አይተሽ፣ እሱም ራሱ ወጥቶ ሊያየው በሚችል መልኩ ማሳየት አለብሽ። «ጊዜ ያለፈበት» የሚለው አስተያየት ነው፤ ሊከራከርሽ ይችላል። «ከመንገድ ማዶ አይነበብም» የሚለውን ግን በር ላይ ወጥቶ ማረጋገጥ ይችላል።

እንግዲህ ሄደሽ ብዪ። የጾም ቀን ባልሆነ ቀን፣ ሰው ሲበዛ ሳይሆን ረገብ ሲል። ከመግባትሽ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ታፔላውን በስልክሽ አንሺው፤ ሲመሽ አንዴ ድገሚው። ውስጥ ገብተሽ ሜኑውን፣ የአስተናጋጆቹን ሽርጥና የሚወሰድ ምግብ የሚታሸግበትን ካርቶን ተመልከቺ። ከዚያ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያላቸውን ክብ ፎቶ ክፈቺ።

ክትፎ ቤት ስለሆነ በተለይ አንድ ፊደል ላይ ዓይንሽን ጣዪ፤ «ቤ» ላይ። የ«ቤ» ቀለበት ትንሽ ናት፤ ውስጧ ያለው ክፍተት ከተደፈነ ከሩቅ የሚታየው «ቢ» ነው፤ «ክትፎ ቢት» ይሆናል። «ፎ»ም የራሱ ትንሽ ቀለበት ስላለው እንዲሁ ያደርጋል። ይህ በአዲስ አበባ ታፔላዎች ላይ የማየው የተለመደ ችግር ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሠሪው ወፍራም ፊደል ይፈልጋል፤ የመረጠው የአማርኛ ፎንት ግን ወፍራም ዓይነት የለውም። ስለዚህ በፊደሉ ዙሪያ መስመር ጨምሮ ያወፍረዋል። መስመሩ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ስለሚገባ ቀለበቷን ይደፍናታል። ዓይኑ የላቲን ፊደል የለመደ ሰው ደግሞ ይህ አይታየውም፤ የላቲን ፊደል ውስጥ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ቢወፍርም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ጥፋቱ የሎጎው ነው ወይስ የታፔላ ሠሪው? ሜኑው ላይ ያለውን «ቤ» አጠገቡ አድርገሽ እዪ። ሜኑው ላይ ቀለበቷ ክፍት ሆና ታፔላው ላይ ከተደፈነች፣ አክሪሊክ ሲቆረጥ ወይም ስቲከር ሲለጠፍ የጠፋች ናት፤ ሎጎው አልበደለም። ሁለቱም ላይ ከተደፈነች ሥራው ያንቺ ነው። ማታ የማይታየውም አምፖል ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ለአስተናጋጁ «መብራቱ ጠፍቷል» ብለሽ ንገሪና ውጪ። አምፖል መቀየር ያለበትን ሰው ሎጎ ላድስልህ ያለች ዲዛይነር ሁለተኛ አትታመንም።

ሁለተኛው ዘወትር የሚገኝ ችግር ክቡ ፎቶ ነው። የድሮ ሎጎ ለታፔላ ተብሎ በወርድ የተዘረጋ ነው፤ ግራ በኩል የበሬ ቀንድ፣ ቀኝ በኩል ረጅም ስም። ቴሌግራም ክብ አድርጎ ሲቆርጠው ወይ ስሙ ይቀራል፣ ወይ ሁሉም ተጨምቆ ይገባና የጣት ጥፍር የምታህል ክብ ውስጥ ምንም አይነበብም። ይህንን ለማሳየት ምንም መናገር አያስፈልግሽም፤ የስልክሽን ስክሪን ፎቶ አንሥተሽ መላክ ብቻ ነው።

ከሁለት በላይ ችግር አትዘርዝሪ። ስምንት ጉድለት የቆጠረ ኢሜይል፣ ሁሉም እውነት ቢሆን እንኳ፣ የሚነበበው እንደ ስድብ ነው። የቀሩትን ለራስሽ ያዢያቸው፤ ሥራውን ስትይዢ ይጠቅሙሻል።

ከዚያ ለማን እንደምትጽፊ። ፌስቡክ ገጽ ላይ ያለ አድራሻ ብዙ ጊዜ ገጹን የከፈተው ልጅ የመሠረተው ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ የይለፍ ቃሉ ከሻጩ ጋር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የላክሽው ኢሜይል ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ሳታጣሪ ተናቅሁ ብለሽ አትዘኚ። አዲሱ ባለቤት አስተናጋጅ ወይም ገንዘብ ያዥ ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቶ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ያለው አድራሻ የሚነበብ ነው። ካላገኘሽ፣ ሒሳብ ስትከፍዪ ካሸሪዋን «ባለቤቱ ማን ይባላሉ? ኢሜይላቸውንስ ማግኘት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ስሙን አግኝተሽ «አቶ እገሌ» ብለሽ መጀመርሽ ብቻ «ውድ የድርጅቱ ባለቤት» ከሚለው በብዙ ይሻላል።

ሰዓቱ ከቀኑ 9 እስከ 11 ባለው ውስጥ ይሁን፤ የምሳው ሰው ሄዶ የማታው ያልመጣበት ነው። ቅዳሜና እሑድ አትላኪ። ለክትፎ ቤት ደግሞ ከሌላው ምግብ ቤት የተለየ አንድ ወቅት አለ፤ ሁዳዴ። በ55ቱ ቀን ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ቤቱን ማሰማመር የሚፈልግ ባለቤት ቀለም የሚቀባውም ታፔላ የሚያስጠግነውም ያኔ ነው። ጾሙ ከገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የደረሰ ኢሜይል ሥራው ለፋሲካ ሊደርስ እንደሚችል መናገር ይችላል። በሰሙነ ሕማማት የደረሰ ግን በግ፣ ቅቤና ዶሮ ሲያዝ የዋለ ሰው እጅ ላይ ነው የሚወድቀው። ወቅቱ ሩቅ ከሆነ ጠብቂ አልልሽም፤ ቅርብ ከሆነ ግን ተጠቀሚበት።

ከአባሪው ላይ ፖርትፎሊዮውን አውጪው። ስንት ሜጋባይት እንደነበር አልነገርሽኝም፤ የዲዛይነር ፖርትፎሊዮ ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከማያውቀው ሰው የመጣ ከባድ ፋይል በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ባለ ምግብ ቤት የለም፤ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ የመግባት ዕድሉንም ይጨምረዋል። በምትኩ አንድ ፎቶ ብቻ አያይዢ፦ ግራው ላይ ከመንገድ ማዶ ያነሳሽው ታፔላ፣ ቀኙ ላይ የቴሌግራሙ ክብ። ከ300 ኪሎባይት አይብለጥ። የሠራሻቸውን ማየት ከፈለገ ስምሽ ሥር አንድ ሊንክ ይበቃዋል።

ርዕሱ ስልክ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ቃላት ብቻ ናቸው የሚታዩት። «የብራንድዎን ማንነት ወደ ላቀ ደረጃ» የሚለውን ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ የሥልጠና ማዕከልም ይልከዋል። ርዕሱ ከእሱ ቤት ውጭ ለማንም ሊላክ የማይችል ይሁን።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፤ ሄደሽ ስታዪ ያገኘሽው ሌላ ከሆነ ያገኘሽውን ተኪበት፦

«ርዕስ፦ ታፔላችሁ ላይ ያለችው «ቤ»

ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣

የገርጂ ልጅ ነኝ፤ ቤቱን ከድሮም አውቀዋለሁ፣ ማክሰኞ ዕለትም መጥቼ በልቻለሁ። ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው።

ከመንገድ ማዶ ሆኜ ታፔላውን ሳየው «ቤት» የሚለው «ቢት» ሆኖ ተነበበኝ፤ የ«ቤ» ቀለበት ተደፍናለች። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ክቡ ፎቶ ስሙን ቆርጦ ቀንዱን ብቻ አስቀርቶታል። ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አያይዣለሁ።

ስሙን፣ ቀንዱንና ቀዩን ቀለም ሳልቀይር ይህንን ማረም እችላለሁ። የለመደ ደንበኛ ቤቱ ተለወጠ አይልም። ያሳተማችሁት ካርቶንና ሜኑም አይጣልም፤ እስኪያልቅ አብሮ ይሠራል።

የታረመውን ምልክት ለታፔላ፣ ለማተሚያ ቤት፣ ለሽርጥና ለቴሌግራም በሚሆን ፋይል በ10 ቀን አስረክባለሁ። ዋጋው 12,000 ብር ነው፤ ደረሰኝ አለው። የታፔላው ማሠሪያ በዚህ ውስጥ የለም።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ለ10 ደቂቃ ብቅ ብዬ ላሳይዎ እችላለሁ። የማይፈልጉት ከሆነም አይ ብለው ይመልሱልኝ፤ አልቀየምም።

ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሥራዎቼ የሚታዩበት ሊንክ»

በዚህ ኢሜይል ውስጥ ክብደቱን የተሸከመው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ የሚሰማው የገዛው ነገር እንደማይነካና የተከማቸ ካርቶኑ እንደማይጣል ነው። ብዙ ዲዛይነሮች ይህንን ይረሱታል፤ ባለ ምግብ ቤት ግን ሎጎ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው መጋዘን ውስጥ የተቆለለውን ካርቶን ነው። «የታፔላው ማሠሪያ በዚህ ውስጥ የለም» የሚለውም እንዳይቀር። በ12,000 ብር ታፔላ ጭምር እንደምትሰቅዪለት ካሰበ ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ነው።

12,000 ከየት መጣ? ለምሳሌ ያህል ነው፤ አንቺ የራስሽን አስዪ። በወር ለኑሮና ለሥራ ወጪ 40,000 ብር ያስፈልግሻል እንበል። ደንበኛ ስትፈልጊ፣ ስትመላለሺ፣ ክፍያ ስትጠይቂ የሚያልፈው ቀን ሲቀነስ በወር በእውነት የሚከፈልበት ሥራ የምትሠሪው 12 ቀን ቢሆን፣ አንዱ ቀን 3,300 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ ሥራ ፊደሉን እንደገና መሣል ቀን ተኩል፣ ክቡንና የአንድ ቀለሙን ዓይነት ማውጣት ግማሽ ቀን፣ ማስተካከያ አንድ ቀን፣ ከታፔላ ሠሪው ጋር መነጋገርና ማስረከብ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሦስት ቀን ተኩል ማለት ነው፤ 12,000 ብር አካባቢ። ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ስትዋዋዪ ተናገሪ፤ ኢሜይሉ ላይ ግን አያስፈልግም።

ዋጋ በመጀመሪያው ኢሜይል አይጻፍም የሚሉ አሉ። ለትልቅ ሥራ እውነት ነው፤ ሥራው ስፋቱ ሳይታወቅ ቁጥር መጥራት ራስን ማሰር ነው። ይህ ግን ጫፍና ጫፉ የታወቀ ትንሽ ሥራ ነው። ቁጥሩን ካልጻፍሽ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለው ቃል እሱ ጆሮ ውስጥ «ኋላ ጉድ ታያለህ» ይሆናል፤ መልሶ «ስንት ነው?» ብሎ ለመጻፍ እንኳ ይሰንፋል።

አሁን ወደ ነፃው ሎጎ። ሠርተሽ ከላክሽለት ሁለት ነገር ይሆናል። ሥራሽን ከወደደው ፋይሉ እጁ ላይ ነው፤ ታፔላ ሠሪው ዘንድ ወስዶ «ይህችን አስተካክልልኝ» ይለዋል፣ ታፔላ ሠሪውም በነፃ ያስተካክልለታል፤ የሚያተርፈው ከአክሪሊኩና ከመብራቱ ስለሆነ። ክፋት አይደለም፤ ስጦታ መስሎት ነው። ካልወደደው ደግሞ ሳትጠይቂው በግምት የሠራሽው ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትጽፊለት «ያቺ የማልወዳትን የሠራችው» ነሽ። «ናሙና አሳዪኝ» ብሎ ቢመልስልሽስ? ያኔ አንድ ፊደል አርመሽ አሳዪው። «ቤ»ን ብቻ፦ የድሮዋን ከላይ፣ የታረመችውን ከታች፤ ቀለበቷ ክፍት፣ ከሌላው መስመር ቀጠን ያለች፣ ከፊደሉ ወለል ትንሽ ወረድ ብላ። ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል፤ በአንዲት ፊደል ደግሞ ታፔላ አይሠራም። ክቡን አትሥሪለት፤ እሱን ከሰጠሽው የሥራውን ግማሽ ሰጠሽው።

ካልመለሰ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ፤ «ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» ብለሽ ግን አይደለም። አዲስ ነገር ይዘሽ ሂጂ፤ ለምሳሌ ማታ የተነሳውን ፎቶ ወይም ሽርጡ ላይ የተጠለፈው ቀጭን መስመር እንዴት እንደተበጣጠሰ። ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያም ዝም ካለ አንድ ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ ሄደሽ ቡና ጠጪና ባለቤቱ ካለ ሰላም በዪው፤ የላክሽለትን ፎቶ ስልክሽ ላይ አሳዪው። በእኛ አገር ኢሜይል ብቻውን ሥራ ሲያመጣ ብዙ አይታይም፤ አስቀድሞ ስምሽን አስተዋውቆ በሩን ገርበብ ካደረገልሽ ድርሻውን ተወጥቷል። ፊት ለፊት አይ ካለሽ ግን አይ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ተከትለሽ እንዳትሄጂ።

እሺ ካለሽ ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂው። የመጀመሪያው፣ የቤቱ ስም በሽያጭ ውሉ አብሮ ተላልፏል ወይ? ሻጩ ስሙን ለራሱ አስቀርቶ ሌላ ቦታ ሊከፍትበት ካሰበ የምታድሺው የሰው ንብረት ነው። ሁለተኛው፣ ምልክቱ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ፣ ጥበቃ ያገኘው በንግድ ምልክት አዋጁ (ቁጥር 501/1998) መሠረት ያን ጊዜ የቀረበው ሥዕል ነው፤ የታደሰውን ከመስቀሉ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቅ። ሦስተኛው፣ ዋናው ፋይል የት ነው? ብዙውን ጊዜ መልሱ «ስልኬ ላይ ፎቶው አለ» ነው። እንዲያ ከሆነ ከፎቶ ላይ እንደገና መሣል አለብሽ፤ ቀን ተኩል ያልኩት ይህንን አስቤ ነው። የመጀመሪያው ሠሪ ከታወቀና ከተገኘ ደውዪለት፤ ፋይሉንም ታገኛለሽ፣ ሥራውን መንካትሽን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማት ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል።

ስታስረክቢ ፋይሉን ለባለቤቱ ብቻ ሰጥተሽ አትሂጂ፤ እሱ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልከውና ጥራቱ ወርዶ ታፔላ ሠሪው እንደገና በእጁ ይሥለዋል፤ ቀለበቷም ተመልሳ ትደፈናለች። የታፔላ ሠሪውን ስልክ ተቀብለሽ ራስሽ አነጋግሪው፤ በኮረል የሚሠራ ከሆነ ፊደሎቹን ወደ መስመር ቀይረሽ በፒዲኤፍ ላኪለት፤ ያንቺ ፎንት እሱ ኮምፒውተር ላይ ስለማይኖር። አክሪሊኩን ከመቁረጡ በፊት አንዷን ፊደል በልኳ ወረቀት ላይ አትሞ እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

ኢሜይሉ ላይ ያለችውን «ደረሰኝ አለው» የምትለዋን ቃል ደግሞ ሳታስቢባት አትላኪ። ባለ ምግብ ቤቱ ለግብር ወጪ አድርጎ የሚይዘው ደረሰኝ ያለውን ክፍያ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ደረሰኝ ያለው 12,000 ብርና የሌለው 12,000 ብር አንድ አይደሉም። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለሽ ቃሏ ትቆይ፤ ከሌለሽ ቃሏን ሰርዣት፤ ፈቃዱንና መለያ ቁጥሩን ግን ከዚህ ሥራ በፊት ብታወጪ ይሻልሻል፤ የመለያ ቁጥር ለሌለው ሰው ክፍያ ሲፈጸም ቀድሞ የሚቆረጠው ግብር ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣልና።